ማታ ወጥቶ ጠዋት የሚገባ ሠራተኛ፦ በመካከሉ ያለውን ዕረፍት እንዴት እናጣራ?

ጥያቄ፦ «የሆቴል ሬስቶራንት ሱፐርቫይዘር ነኝ። የአስተናጋጆቹን የፈረቃ ፕሮግራም በየሳምንቱ የማወጣው እኔ ነኝ። ሁሉም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው የሚሠሩት። ግን ማታ 5 ሰዓት የወጡ ልጆች ንጋት 12 ሰዓት ቁርስ ላይ ሲገቡ ዓይናቸው ቀልቶ ነው የማያቸው። ዕረፍታቸው በቂ መሆኑን በምን ልለካው? ከአሻራ ማሽኑ ማውጣት ይቻላል ወይ?»

ምላሽ፦

ይቻላል። ግን መጀመሪያ የሚለካው ነገር ይለይ። 8 እና 48 የሚሉት ቁጥሮች የሚነግሩዎት ሰውየው ምን ያህል እንደሠራ ነው። ዕረፍቱ ያለው ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ ምንም ባልተጻፈበት ቦታ፣ በዛሬው መውጫና በነገው መግቢያ መካከል ነው። ስለዚህ የየቀኑን ሳጥን አንድ በአንድ ቢያዩ ሁሉም ትክክል ሆኖ ያገኙታል። ማታ 9–5 ብሎ የጻፈው ትክክል ነው፣ በማግስቱ 12–8 ያለውም ትክክል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በመካከላቸው ያለው 7 ሰዓት ብቻ ነው። የሚፈልጉት ቁጥር ይሄ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት ተቀንሶ መውጣት አለበት።

ስንት ሲሆን ነው በቂ የሚባለው? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀኑንና የሳምንቱን የሥራ ሰዓት ይወስናል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ያዛል። በሁለት ፈረቃ መካከል ይህን ያህል ሰዓት ይኑር የሚል ቁጥር ግን የለውም። ድርጅታችሁ የኅብረት ስምምነት ካለው ቁጥሩ እዚያ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። ከሌለው 11 ሰዓትን መለኪያ ያድርጉ። ይህ ቁጥር ከሜዳ የመጣ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሌሊት ሥራ ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 178 በሁለት ፈረቃ መካከል በተቻለ መጠን ቢያንስ 11 ሰዓት እንዲኖር ይመክራል። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያም በየ24 ሰዓቱ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይጠይቃል።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት ሆኖ ሳለ 11 ለምን አስፈለገ የሚል ሥራ አስኪያጅ ያጋጥምዎታል። መልሱ አንዲት አስተናጋጅ ከሆቴሉ ወጥታ እስክትመለስ ያለውን ሰዓት በደቂቃ መቁጠር ነው። ፕሮግራሟ ማታ 5 ሰዓት ያበቃል ይላል። የመጨረሻው ጠረጴዛ እስኪነሳ፣ ሂሳብ እስኪዘጋ፣ ልብስ እስክትቀይር አሻራዋን የምትሰጠው 5፡40 ላይ ነው። ሰርቪሱ ሁሉም እስኪሞላ ጠብቆ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይነሳል፤ እሷ መጨረሻ ከሚወርዱት ስለሆነች ቤቷ የምትደርሰው 7 ሰዓት ነው። እግሯን ታጥባ፣ ቀምሳ፣ የሥራው ግርግር ከጭንቅላቷ እስኪወጣ 7፡30 ይሆናል። ንጋት 12 ሰዓት ሥራ ላይ እንድትገኝ ሰርቪሱ 10፡45 ላይ በር ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ 10፡15 ላይ መነሳት አለባት። ከአሻራ እስከ አሻራ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ የተኛችው 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን ዕረፍቱን ወደ 9 ሰዓት ያሳድጉትና መግቢያዋን ጠዋት 2፡40 ያድርጉት። በዚያ ሰዓት ሰርቪስ የለም፤ ታክሲ ተሰልፋ ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ላይ ስለምትቆይ 1፡15 ላይ ከቤት መውጣት፣ 12፡40 ላይ መነሳት አለባት። እንቅልፏ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ። 11 ሰዓት ሲሰጧት ረፋድ 4፡40 ትገባለች፣ 2፡40 ላይ ትነሳለች፤ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተኛች። የ11 ሰዓት ትርፍ የሚመስለው ክፍል በሙሉ መንገድና ልብስ መቀየር ነው የበላው። ቤታቸው ከሆቴሉ ሩቅ ለሆኑት 11ም ጠባብ ነው። ይህንን ስሌት ከራስዎ ሠራተኞች በአንዷ ትክክለኛ ሰዓት ሠርተው ለአለቃዎ ያሳዩ፤ ከየትኛውም ደንብ በላይ ያሳምናል።

ወደ አሻራ ማሽኑ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያወጣውን የዕለት ሪፖርት አይጠቀሙ። ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን አሻራ መግቢያ፣ የመጨረሻውን መውጫ አድርጎ በመውሰድ ነው፤ ቀኑ ደግሞ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የወጣ ሰው መውጫው በማግስቱ ቀን ስም ይመዘገባል። የጥር ሠርግ ላይ የሠራ አንድ አስተናጋጅ እንውሰድ። ቅዳሜ 15:10 ገባ፤ ሠርጉ አምሽቶ እሑድ 00:50 ወጣ፤ እሑድ 06:02 ለቁርስ ተመልሶ ገባ፤ 14:06 ወጣ። የዕለት ሪፖርቱ ቅዳሜን «መውጫ የለውም» ይላል፣ እሑድን ደግሞ 00:50 ገብቶ 14:06 የወጣ አድርጎ 13 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይሰጠዋል። የሰው ሀብት ክፍል ይህንን ሲያይ «ልጁ ሲወጣ ማተም ረስቷል» ብሎ ቅዳሜ ላይ 23:00 በእጅ ይሞላል፣ የእሑዱን 00:50 ይሰርዛል። በወረቀት ላይ ዕረፍቱ 7 ሰዓት ሆነ። እውነቱ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት የሠራው ትርፍ ሰዓትም አብሮ ጠፋ። ከሁሉም የባሰው ሌሊት ከመዝገቡ የሚሰወረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ የሚያወጡት ጥሬ መዝገቡን ነው፤ እያንዳንዱ አሻራ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በአንድ መስመር የተጻፈበትን። ኤክሴል ላይ በሠራተኛ ቁጥር፣ ቀጥሎ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደርድሩት። በደቂቃዎች ልዩነት ሁለት ጊዜ የታተመ አሻራ ካለ አንዱን ያጥፉ። ከዚያ መግቢያና መውጫውን እያጣመሩ በአንድ መስመር ያስቀምጡ፤ በ A የሠራተኛው ቁጥር፣ በ B መግቢያ፣ በ C መውጫ። ቀኑና ሰዓቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ መሆን አለባቸው። ሰዓቱን ብቻ ከጻፉ ኤክሴል ሌሊቱን መሻገሩን አያውቅም፣ አሉታዊ ቁጥር ይሰጥዎታል። ከሁለተኛው የመረጃ መስመር ጀምሮ D ላይ ይህንን ያስገቡና ወደታች ይጎትቱት፦

```
D3:  =IF(A3=A2,ROUND((B3-C2)*24,2),"")
E3:  =IF(ISNUMBER(D3),IF(D3<11,"አጭር",""),"")
```

የሠርጉ አስተናጋጅ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

```
A     B                 C                 D     E
0147  2025-01-25 15:10  2025-01-26 00:50
0147  2025-01-26 06:02  2025-01-26 14:06  5.2   አጭር
```

`ROUND` የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤክሴል ሰዓትን የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ልክ 11 ሰዓት ያረፈ ሰው በስውር 10.9999 ሆኖ «አጭር» ሊባል ይችላል፤ ሠራተኛውም ሱፐርቫይዘሩም ዝርዝሩን ማመን ያቆማሉ። `#VALUE!` ከመጣ ደግሞ ማሽኑ ቀኑን በጽሑፍ መልክ አውጥቶታል ማለት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ በግራ በኩል ተጠግቶ ስለሚታይ ያውቁታል። ወደ ቀን ቀይረው እንደገና ያስሉት።

ከ6 ሰዓት በታች የሆነውን ዕረፍትና ከ14 ሰዓት በላይ የሆነውን ሥራ ሁሉ በዓይንዎ ይዩት። ከሦስት አንዱ ነው የሚሆነው። ቁርስና እራት ላይ ሠርቶ ከሰዓት ያረፈ ሰው ከሆነ፣ ያ ክፍተት የቀኑ ውስጥ ዕረፍት ስለሆነ ይዝለሉትና ከእራቱ መውጫ እስከ ማግስቱ መግቢያ ያለውን ይያዙ። አንድ አሻራ ጎድሎ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያለው ጥንድ ሁሉ ይገለበጣል፣ መግቢያው መውጫ ይሆናል፤ አንዷን ጉድለት ካስተካከሉ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። ሦስተኛው እውነተኛው ነው፤ ሰውየው በእርግጥም ሳይተኛ ገብቷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ሰዓታችን። ፕሮግራሙ የሚጻፈው በእኛ ሰዓት፣ ማሽኑ የሚመዘግበው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ማቀላቀል የ6 ወይም የ18 ሰዓት ስሕተት ያመጣል፤ ያውም የሚያምር ስሕተት፣ ቁጥሩ ትክክል የሚመስል። «5:00» ብለው ቢጽፉ ኤክሴል ንጋት አድርጎ ነው የሚይዘው። ፕሮግራሙን ወደ ኤክሴል ሲያስገቡ ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ያለው ላይ 6 ይጨምሩ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ያለው ላይ 18 ይጨምሩ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ካለው ላይ 6 ይቀንሱ። ማታ 5 ሰዓት 23:00 ይሆናል፣ ንጋት 12 ሰዓት 06:00። ለሠራተኛው የሚለጠፈው ግን በእኛው ሰዓት ይሁን፤ «7 ሰዓት» የሚለው ቀን ይሁን ሌሊት ሁልጊዜ ተጽፎ።

ያለፉትን 8 ሳምንታት እንዲህ አስልተው ሲጨርሱ አጭር ዕረፍቶቹ ተበትነው አያገኙዋቸውም፤ የሚመጡት ከጥቂት ቦታ ነው። አንደኛውና ትልቁ ራሱ ፕሮግራሙ ነው። ከማታ ወደ ጠዋት የሚመልስ ፕሮግራም በየዙሩ አንድ የ7 ሰዓት ሌሊት ይወልዳል። መፍትሔው ወደፊት ብቻ ማዞር ነው፤ ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ዕረፍት ቀን፣ ከዕረፍት ቀን ወደ ጠዋት። ሰባት አስተናጋጆች ካሉዎት ሦስት ቀን ጠዋት (12–8)፣ ሦስት ቀን ማታ (9–5)፣ አንድ ቀን ኦፍ ያድርጉና እያንዳንዱን ሰው በአንድ ቀን እያዘገዩ ያስጀምሩ። በየቀኑ ሦስት ሰው ጠዋት፣ ሦስት ሰው ማታ ይኖርዎታል፣ አንዱ ያርፋል። ከጠዋት ወደ ማታ ሲሻገሩ በመካከሉ 25 ሰዓት አለ፤ ከመጨረሻው ማታ እስከ ቀጣዩ ጠዋት ኦፉ ስለሚገባ 31 ሰዓት አለ፤ ሳምንቱም 48 ነው። የ7 ሰዓቱ ሌሊት አንድ ሰው ሳይጨምሩ ጠፋ። እሑድ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይደርስ መስመር ሲያቀያይሩ ያንን ሳምንት እንደገና ያስሉት፤ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሳምንቱ ስፌት ነው። ፕሮግራሙ ከሰኞ እስከ እሑድ በአንድ ወረቀት ስለሚወጣ፣ እሑድ ማታ የወጣው ሰው ሰኞ ጠዋት የሚገባው በሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ማንም ጎን ለጎን አያያቸውም። አዲሱን ሳምንት ሲያዘጋጁ ያለፈውን እሑድ የመጀመሪያ ዓምድ አድርገው ይቅዱት።

ሦስተኛው መለዋወጥ ነው። ሁለት ልጆች ተስማምተው ይመጣሉ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰው አለመጉደሉን አይቶ ይፈርማል። መታየት ያለበት ግን አራት ክፍተት ነው፤ ለሁለቱም፣ ከተለዋወጡት ቀን በፊት ያለው ሌሊትና በኋላ ያለው ሌሊት። የመለዋወጫ ቅጹ ላይ «ካለፈው ፈረቃ የወጣበት ሰዓት» እና «ቀጥሎ የሚገባበት ሰዓት» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይጨመሩ። ከባንኬት ክፍል «ሁለት ልጅ አበድረን» ተብሎ ሲመጣም ይኸው ነው፤ በተለይ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት። ባንኬቱ የሚያየው የራሱን ምሽት ነው፤ የእርስዎን የጠዋት ፕሮግራም አያውቀውም።

የኦፍ ቀንም በዓይን ያታልላል። የሌሊት ሠራተኛ ረቡዕ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ «ረቡዕ ኦፍ ነው» ከተባለና ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ከገባ ያረፈው 23 ሰዓት ነው። አዋጁ የሳምንቱ ዕረፍት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚያካትት እንዲሆን ስለሚጠይቅ ይህ ኦፍ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ካለችዎትም እዚሁ ላይ ይዩት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መመደቧ ክልክል ነው፣ 5 ሰዓት የሚያበቃው ፈረቃ ደግሞ አንድ ሰዓት ተሻግሮታል።

እቅዱ ንጹሕ ሆኖ አሻራው አጭር ካሳየዎት ችግሩ የመዝጊያ ሰዓቱ ነው። ለእሱ የምመክረው አንድ ደንብ ነው፦ ሰው የሚገባው በታቀደለት ሰዓት ወይም ካተመበት 11 ሰዓት በኋላ፣ ከሁለቱ በዘገየው ነው። 5፡40 ያተመ ከረፋዱ 4፡40 በፊት አይገባም። ይህንን የመወሰን ሥልጣን ሌሊቱን ላለው ዱቲ ማናጀር ይስጡ፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል፣ ለማስፈቀድ የሚደውል የለም። በመዝገብ ደብተሩ ስሙን፣ የወጣበትንና ነገ የሚገባበትን ይጻፍ፤ የጠዋቱ ሱፐርቫይዘር ያንን ገጽ አይቶ ምደባውን ያስተካክል። ለቁርስ አንድ ተጠባባቂ ሰው ቀድሞ ካልተመደበ ደንቡ በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል፣ ምክንያቱም ቁርስ ላይ ሰው የጎደለበት ሱፐርቫይዘር ስልክ ደውሎ ልጁን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል።

ዘግይቶ በመግባቱ የጎደለው ሰዓት ከደመወዙ አይቆረጥ። ከተቆረጠ ልጆቹ ራሳቸው ይደብቁታል፤ 5 ሰዓት ላይ አሻራ ሰጥተው ተመልሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ገበታዎ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ያምራል። ይህ መሆኑን ማወቂያው የአሻራው ሰዓት ራሱ ነው። የሁሉም መውጫ በየቀኑ 23:00 እና 23:03 መካከል ከሆነ አይመኑት፤ እንግዳ የሚነሳው በደወል አይደለም። የካሽ ሬጅስተሩን መዝገብ ያውጡና በዚያው ሌሊት በእያንዳንዱ አስተናጋጅ ስም የተዘጋውን የመጨረሻ ቢል ይዩ። በ23:01 ወጣች የተባለችው ልጅ 23:34 ላይ ቢል ዘግታ ከተገኘ፣ መቁጠር ያለብዎት ከ23:34 ነው፤ የሰርቪሱ ሾፌር የተነሳበትን ሰዓት የሚጽፍበት ወረቀት ካለም ከእሱ ጋር ያመሳክሩት።